ጠይም ስንት ዓይነት ነው?

የአክስቴ ልጅ ስታገባ ፊቷን የቀባኋት እኔ ነኝ። ለሜካፕ ባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብ ለሁላችንም ከብዶን ስለነበር፣ "አንቺ እያለሽልን ሌላ ምን ያስፈልገናል" ተባልኩ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ቅዳሜ ጠዋት መኝታ ቤት ውስጥ ከመስታወቱ ፊት አስቀምጬ ቀባኋት። በአምፖሉ ብርሃን አምራ ነበር፤ እሷም እኔም ረካን።

ፎቶ ለመነሳት መናፈሻ ውስጥ ስንቆም አክስቴ ልጇን ትክ ብላ አየቻትና፣ "ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ? ፊትሽ አመድ መስሏል" አለቻት። በአማርኛ ፊት አመድ የሚመስለው የደነገጠ ወይም የታመመ ሰው ነው። ሙሽራዋ ከዚያ በኋላ ካሜራ በዞረ ቁጥር ፊቷን ታዞር ጀመር። እኔም ቀና ብዬ ሳያት አክስቴ ያየችውን አየሁ። አንገቷና ደረቷ የእሷ ነበሩ፤ ፊቷ ግን ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር።

ጥፋቱ የተሠራው ከሰርጉ አራት ቀን በፊት ነው። ከአንድ ሱቅ ሦስት የፋውንዴሽን ናሙናዎች በትንንሽ ብልቃጥ ተሰጥተውን ነበር። ሻጯ የሙሽራዋን የእጅ አንጓ ገልብጣ ደም ሥሯ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ለማየት ሞከረች። በጠይም ቆዳ ላይ የደም ሥር ቀለም በቅጡ አይለይም፤ ሻጯም ገምታ "ቀዝቃዛ" የሚባለውን መረጠችልን። ሱቁ ውስጥ ብጫ ያዘለ መብራት ስር እጅጌዋን ሰብስበን ክንዷ ላይ ቀባነው፤ ልክ መሰለን፤ ገዛነው።

ልክ የመሰለን በከፊል ልክ ስለነበረ ነው። ጥቁረቱ፣ ማለትም የቀለሙ ጥልቀት፣ ከቆዳዋ ጋር እኩል ነበር። ያልገጠመው ከጥልቀቱ ስር የሚታየው ቀለም ነው፤ በሜካፕ ቋንቋ አንደርቶን የሚሉት። አንዱ ጠይም ከስሩ ወርቅማ ነው፣ ሌላው ቀላ ይላል፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፋውንዴሽን ቀለሙን የሚያገኘው በዋናነት ከአራት ዱቄቶች ነው፤ ከነጩ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ከብጫ፣ ከቀይና ከጥቁር የብረት ኦክሳይዶች። ለጠይም ሰው የሚሆነውን ለመሥራት ነጩን መቀነስ፣ ብጫውንና ቀዩን መጨመር ያስፈልጋል። ነጩ ሳይቀነስ ጥቁሩ ብቻ ከተጨመረበት ግን ነጭና ጥቁር ተደባልቀው የሚሰጡት ግራጫ ነው። አመዱ ከዚያ ይመጣል።

ታዲያ ሱቁ ውስጥ ለምን አላየነውም? ብጫ አምፖል ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው በጣም ጥቂት ነው። ስሩ ያረፈ ነገር ሁሉ ወርቅማ ይሆናል፤ ግራጫውም ፋውንዴሽን ከመብራቱ ሙቀት ተበድሮ የደመቀ ይመስላል። የቀን ብርሃን ግን ቀለማትን ሁሉ አሟልቶ ስለሚይዝ የተበደረውን ያስመልሰዋል። ሁለት ቀለሞች በአንድ መብራት ስር አንድ ሆነው በሌላው ስር ይለያያሉ። ቅዳሜ ዕለት የሆነው ይኸው ነው፤ መኝታ ቤቱም እንደ ሱቁ ብጫ አምፖል ነበረውና ጥፋቴን ሁለት ጊዜ ሸሸገልኝ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው። የማጠናው ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ነው። የልቦለድ ገጸ ባሕርያት መልክ በትርጉም ውስጥ ምን እንደሚሆን ስጽፍ፣ "ቀይ ሴት" የሚለውን ቃል በቃል መተርጎም እንደማይቻል፣ "የቀይ ዳማ" እና "ብስል ቀይ" ሌላ ቋንቋ ውስጥ ቦታ እንደሚያጡ ስከራከር ኖሬያለሁ። ስለ አማርኛ የቀለም ቃላት ሀብት የምኮራ ሰው ነኝ። ነገር ግን "ጠይም" ስንል ጥልቀቱን ነው የምንናገረው። የአክስቴ ልጅም እኔም ጠይም ነን፤ እሷ ከስር ወርቅማ ናት፣ እኔ ግን ቀላ እላለሁ፤ ለዚህ ልዩነት አንድም ቀን ቃል ፈልጌለት አላውቅም። ሻጯ "ቀዝቃዛ" ስትል ያልተከራከርኩት በራሴ ቋንቋ የምመልስላት ስላልነበረኝ ነው። በ2017 ፌንቲ ቢዩቲ 40 የቀለም ደረጃ ይዞ ሲወጣ ጓደኞቼ ሁሉ ተደስተን ነበር፤ 40 ብልቃጥ ግን ማየት ለማይችል ዓይን 40 ጊዜ የመሳሳት ዕድል ነው።

እሁድ መልስ ነበር። ሁለቱ ያልተጠቀምንባቸው ናሙናዎች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ሙሽራዋን ፊቷን አስታጥቤ፣ ክሬም ብቻ ቀብታ፣ ዘመድ ለመልሱ ምግብ ወደሚያሰናዳበት ፌርፋክስ ጎዳና ይዣት ሄድኩ። ከ2002 ጀምሮ ከተማው ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው ሰፈር ነው። ጎዳናው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚዘረጋ ጠዋት በምሥራቅ በኩል ያለው የእግረኛ መንገድ የሕንፃ ጥላ ያርፍበታል። የፈለግሁት እሱን ነበር። ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታ ቆዳው ያብለጨልጭና ቀለሙን ይውጠዋል፤ ሰማይ የሚያበራው ጥላ ግን አያዳላም።

ሦስቱንም ናሙናዎች ከመንጋጋዋ ጀምሬ ወደ አንገቷ አወረድኳቸው፤ የጣት ስፋት ያላቸው ሦስት መስመሮች፣ በመካከላቸው ባዶ ቆዳ ትቼ። ክንድ ላይ መሞከር አይጠቅምም፤ ክንድና ፊት አንድ ቀለም አይደሉም። ግንባርም ብዙ ጊዜ ከጉንጭ ይጠቁራል፤ ፊት የሚመሳሰለው ከአንገት ጋር ነው መሆን ያለበት። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ፋውንዴሽን ሲደርቅና ከቆዳ ቅባት ጋር ሲቀላቀል ብዙውን ጊዜ ይጠቁራል ወይም ወደ ብርቱካንማ ያደላል፤ ወዲያው አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ሰው እያለፈ ያየናል፤ እጣኑ ከየበሩ ይሸታል፤ ሙሽራዋ "ምን ይሉናል" እያለች ትስቃለች። ከቅዳሜ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ነጠላዋን ከትከሻዋ ስር አዙሬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ነጭ ጨርቅ አጠገቡ ሲሆን ዓይን የሚያነጻጽርበት ያገኛል። የቅዳሜው መስመር የጠመኔ ጭረት ይመስል ነበር። ሁለተኛው ሸክላ መስሎ ቀላ፤ ምናልባት ለእኔ ይሆን ነበር። ሦስተኛውን ግን ፈልጌ አጣሁት። እንደቀባሁት ስለማውቅ ቀረብ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት፤ እዚያው ነበር። ብልቃጡ ላይ "ወርቅማ" የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ ጥልቀቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው።

የመኪናውን በር ከፍተን፣ መቀመጫው ላይ አስቀምጬ፣ እዚያው በጥላው ውስጥ ቀባኋት።

አክስቴ ምግብ ቤቱ በር ላይ ተቀበለችን። ልጇን አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻትና፣ "ዛሬስ ምንም አልተቀባሽም እንዴ?" አለቻት። ሙሽራዋ ወደ እኔ ዞር ብላ ዝም አለች።

የቅዳሜዎቹ ፎቶዎች በትልቁ ታጥበው አክስቴ ሳሎን ተሰቅለዋል። ቡና ስንጠጣ ከፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ።