ቧንቧ ያለው ቤት

መካነ ኢየሱስ፣ 2017 ዓ.ም.

መጋቢት 3
ቧንቧው ዛሬም ደረቅ። ሙቀት፣ አቧራ። በጋሪ የሚመጣው ጀሪካን 20 ብር ገባ። የልብስ እጣቢ ለሽንት ቤት ይቀመጣል። ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ የጋራ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው እሱ።

መጋቢት 6
ማታ ሒሳብ ሠራሁ። በቀን 3 ጀሪካን፣ 60 ሊትር ማለት ነው። በወር 1,800 ብር። ኪራዩ 3,500።
1,800ውን ቀንሱልኝ ማለት አልችልም፤ ቧንቧው ሲሠራም የውሃ እከፍል ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት በስፋቱ ከኛ አያንስም፣ ቧንቧ ግን የለውም፤ 2,700 ነው። ስንከራይ "ውሃ የገባለት" ተብሎ የተጨመረብን ያ 800 ብር ነው። መጠየቅ ያለብኝ እሱን ይመስለኛል።

መጋቢት 9
የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁን፣ 1320/2016ን አነበብኩ። የኪራይ ጭማሪን ይቆጣጠራል፤ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ ይከለክላል። ውሃ ሲጠፋ ኪራይ ይቀነስ የሚል አላገኘሁበትም። በንግግር ካልሆነ በሌላ አይሆንም። አከራያችን እትዬም የሚተዳደሩት በዚሁ ኪራይ ነው። ከበደኝ።

መጋቢት 11
ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያፏጭ ነቃሁ። አየር ነው። ቆጣሪው ግን በአየሩ ይዞራል! ከዚያ ቀጭን ውሃ፣ በር አጠገብ ባለው ዝቅተኛ ቧንቧ ብቻ። ሮቶው ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ስለተሰቀለ ግፊቱ አያደርሰውም። ሳይነጋ ቆመ። ሮቶው መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይይዝ ነበር።

መጋቢት 14፣ ደብረ ዘይት
ከቤተ ክርስቲያን መልስ አነሳሁት።
"ውሃውን እኔ አልዘጋሁት፣ ልጄ።"
"አልዘጉትም፣ እትዬ። ግን ኪራዩ ሲቆረጥ ውሃውም ታስቦ ነው።"
የማዶውን ቤት ኪራይ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥሎ ስለ ሮቶው። ቆጡን ያሠሩት ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እንደሆነ አላውቅም ነበር። "የግቢው ተከራይ ሁሉ ቀንሽ ቢለኝስ?" አሉ። መልስ አልነበረኝም።

መጋቢት 17
ደመና፣ ዝናብ ግን የለም። እትዬ ጠሩኝ። 500 ይቀነሳል፤ ሮቶውም ይወርዳል፣ የሚያወርደውን ሰው እኔ ልፈልግ። ለጎረቤቶቼ ልንገር ወይስ ዝም ልበል? እስካሁን አልወሰንኩም።
"ውሃው እስኪመለስ" ተባባልን። በሳምንት አንድ ሌሊት ቢንጠባጠብ ተመለሰ ይባላል? ወረቀቱ ላይ "ሮቶው በየሳምንቱ እስኪሞላ" ብዬ ጽፌያለሁ። ነገ አንብቤላቸው ካልተስማሙ ደግሞ እንነጋገራለን።