ዘጠናውን ቀን ስንቆጥር

ሮም፣ ማርች 2026

ከፍራንክፈርት ወደ ሮም ስንበር የድንበር ቁጥጥር አልነበረም። 29ኙ የሼንገን አገሮች ለአጭር ጊዜ እንግዳ እንደ አንድ አገር ናቸው፤ ጀርመን ያደሩበትም ጣሊያን ያደሩበትም ቀን ከዚያው ከተፈቀደው 90 ቀን ይቀነሳል።

አብረውኝ ያሉት እናት ኑሯቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የሚጓዙትም በአሜሪካ ፓስፖርት፣ ያለ ቪዛ ነው። ጃንዋሪ 10 ገብተዋል፣ ማርች 10 ይወጣሉ። የገቡበትም የሚወጡበትም ቀን ስለሚቆጠር 60 ቀን ይሆናል። ፍራንክፈርት ያለችው ልጃቸው ጁን ላይ ስለምትወልድ አራሷን ለመንከባከብ ይመለሳሉ።

«ልጄ፣ ስድስት ወሩ የሚያልቅልኝ መቼ ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የሚያልቅበት ቀን የለውም፤ በየቀኑ አብሮን ይሄዳል» አልኳቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስድስት ወር የሚባለው 180 ቀን ከመጀመሪያው መግቢያ ተነስቶ የሚዘጋ ዘመን አይደለም። እዚህ በሚያድሩበት በእያንዳንዱ ቀን፣ ያንን ቀን ጨምሮ 180 ቀን ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ በዚያ ውስጥ የቆዩበት ከ90 ማለፍ የለበትም።

ካላንደር ዘርግተን ቆጠርን። ጁን 1 ቢገቡ፣ ጁን 30 ላይ ወደ ኋላ ሲቆጠር ጃንዋሪ 2 ይደርሳል። የመጀመሪያው ጉዞ 60 ቀን ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። 60 እና 30፣ 90 ሞላ። ጁላይ 1 ቢያድሩ ሕግ ጣሱ፤ ስለዚህ አራሷን በወሩ ትተው መሄድ ነው።

ጁን 9 ቢገቡስ? 30ኛው ቀን ጁላይ 8 ላይ ይውላል። በማግስቱ፣ ጁላይ 9፣ ጃንዋሪ 10 ከቆጠራው ይወጣል። ከዚያ በኋላ አንድ አዲስ ቀን ሲገባ አንድ አሮጌ ቀን ይወጣል፤ ድምሩ 90 ላይ ይቆማል። በዚህ መልኩ እስከ ሴፕቴምበር 6 መቆየት ይችላሉ፤ ሙሉ 90 ቀን ማለት ነው። ስምንት ቀን ዘግይቶ መግባት ሁለት ወር ይጨምራል! እትዬ ካላንደሩን ደጋግመው አዩት፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ይህን ባለማወቅ የሚከፈለው ከአራስ ልጅ መለየት ነው።

90 ቀን ሦስት ወር አይደለም፤ ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ብቻ 92 ቀን ናቸው። ለንደን ወይም ደብሊን ያሳለፉት ቀን አይቆጠርም፤ 180ው ግን እሱንም ይዞ ይሄዳል። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ደግሞ መግቢያና መውጫው በደረጃ በኮምፒውተር መመዝገብ ስለጀመረ በፓስፖርት ማህተም ብቻ መተማመን አይቻልም።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ፣ ቪዛው ላይ የተጻፈውን የቀን ብዛት አንብቡ። ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜ ረጅም ቢሆንም የተፈቀደው ቆይታ 15 ቀን ከሆነ 15 ብቻ ነው። ሌሎቻችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኖቻችሁን የአውሮፓ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ባለው ማስያ አስገብታችሁ እዩ።