ባዶ የተውነው እሑድ

አንዷ ጓደኛችን የሰፋቻቸው 40 ሂጃቦች ዶርም ውስጥ በፌስታል ተቀምጠዋል። የውስጥ ቆቡ አብሮ ስለተሰፋ ስፒል አይፈልጉም። ሽያጩ ቅዳሜ ይጀመራል ብለን፣ አራት ሆነን ከሰኞ እስከ እሑድ ቴሌግራምና ኢንስታግራም ላይ ከፎቶዎቹ ስር የሚገባውን ጽሑፍ ለማቀድ ተሰበሰብን። ጨርሰን ስናነበው ከሰባቱ አራቱ «በቅርቡ ይጠብቁን» ይላሉ፤ የሚለያዩት በልብ ምልክቱ ብዛት ብቻ ነው።

ገጹን ገነጠልነው። ሂጃቡን የሞከሩ የዶርም ልጆች የጠየቁንን ሰበሰብንና ለአንድ ቀን አንድ ጥያቄ ሰጠን። የሰኞው እንዲህ ሆነ፦ «ከጠዋቱ ክፍል እስከ ዙህር ስንት ጊዜ ስፒልሽን አስተካከልሽ? ይኼኛው ስፒል የለውም።» ኢንስታግራም መጀመሪያውን ብቻ አሳይቶ ቀሪውን ስለሚደብቅ ጥያቄውን ከፊት አደረግነው፤ ስለ ጨርቁ የሚያወራው ከታች ገባ።

ማክሰኞ «ሲታጠብ ይለቃል ወይ?» ለሚለው ነበር። ለካ ማናችንም አጥበነው አናውቅም! ማታውኑ አንድ ጥቁር ሳፋ ውስጥ ነከርን፤ ውሃው ጠቆረ። ሁለተኛው እጥበት ላይ ግን ጠራ። አንዷ «ይህን ከጻፍን ጥቁሩን ማን ይገዛል?» አለች። ነውርን ሸሽጎ መሸጥ እንደማይፈቀድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ክርክሩ እስከ ኢሻ ቆየ። በመጨረሻ «ጥቁሩ በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል፤ ለብቻው እጠቢው» ብለን ከደረቀው ሂጃብ ፎቶ ጋር ለረቡዕ አዛወርነው። ማክሰኞ ቀለሞቹን ብቻ አሳየን።

ሐሙስ ዋጋው ነው። እንደ ብዙዎቹ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ልንል ነበር። ነገር ግን «ስንት ነው?» እያሉ ለሚጽፉ ሁሉ በፈተና ሰሞን ማን ይመልሳል? 450 ብር ብለን በግልጽ ጻፍነው።

የዓርቡ ተበላሸብን። ቴሌግራም መልእክትን በቀጠሮ ስለሚልክ ለማታ 2 ሰዓት ብለን ሞላነው፤ ስልኩ ግን 2:00ን የሚያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወጣ። ሱብሒ ላይ ስንነሳ ያዩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አጥፍተን ማታ እንደገና ላክነው። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡ ላይ ለሰዓት ሁለት ዓምድ አለን፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የስልኩ፤ የማታ 2 ሰዓት አጠገብ 20:00 ተጽፏል።

የእሑዱ ከመጀመሪያው ረቂቅ «ፍጠኑ፣ 3 ብቻ ቀሩ!» የሚል ነበር። ስንጽፈው አንድም አልተሸጠም። ሰርዘን ቦታውን ባዶ ተውነው። እሑድ ማታ ፌስታሉን ዘርግፈን ቆጠርንና ሞላነው፦ «11 ቀርተዋል፤ 7ቱ ጥቁር ናቸው። ቀጣዩ ስፌት ከፈተና በኋላ።»