ሃያ ቁጥር ቧንቧ ሃያ አይደለም

ጉለሌ ውስጥ ቤት የሚያድስ ሰው ስለ በሩ ቀለም ሦስት ቀን ይጨቃጨቃል፤ ስለ ቧንቧው ውፍረት ግን ሦስት ደቂቃም አያወራ። ቀለም ቢያስጠላ በላዩ ላይ ሌላ ይቀባል። ቧንቧ ግን ሴራሚክ ሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ ከተሳሳተ የሚወጣው በመዶሻ ነው።

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዳችን ጋዜጠኝነት፣ አንዳችን ሒሳብ አያያዝ ተምረናል፤ ኢንጂነር የለንም። እማዬ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ አድሰን ልናስገባት ስንነሳ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሁሉንም በ20 ቁጥር ፒፒአር እንዘርጋው አሉን። «ልጆቼ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ኩሽና ላላት ቤት ከ20 በላይ ገንዘብ መጣል ነው።» «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ቀን ይስጡን» አልናቸው።

የተጨነቅነው ለሻወሩ ነው። ቧንቧው ጠባብ ከሆነ፣ አንድ ሰው ሻወር እየወሰደ ሳለ ሌላው ሽንት ቤቱን ሲለቅ፣ ታንከሩ ለመሙላት ቀዝቃዛውን ውሃ ይስባል። ከቦይለሩ የሚመጣው ሙቁ ብቻውን ይቀርና ሻወሩ በድንገት ይፋጃል። ወጣት ሰው ዘሎ ይወጣል፤ የእማዬ ጉልበት ግን ለመዝለል አይሆንም።

ነገሩን ስናጠና መጀመሪያ ያገኘነው ይሄን ነው፤ 20 ቁጥር የሚባለው ፒፒአር ሃያ ሚሊ ሜትር የሚሆነው ከውጭ ሲለካ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ፣ በብዛት ለቤት የሚገባው ዓይነት (ፒኤን 20 የሚባለው) ውስጡ 13.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 25 ቁጥሩ 16.6፣ 32 ቁጥሩ 21.2፣ 40 ቁጥሩ ደግሞ 26.6 ነው። የድሮው ግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ስለዚህ ግማሽ ኢንቹን አውጥቶ «ያው ነው» እያለ 20 ፒፒአር የሚያስገባ ሰው የውሃውን መንገድ በአንድ ሦስተኛ ያጠበዋል።

ታዲያ ስንት ይበቃል? እዚህ ላይ የሚመጣው ሮይ ሃንተር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በአገሩ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተመው ዘዴ ዛሬም ለብዙ የቧንቧ ኮዶች መሠረት ነው። ሃሳቡ ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ በአንዴ አይከፈትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል ውሃ እንደሚስብና ምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈት ታይቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ባለሙያዎቹ ፊክስቸር ዩኒት ይሉታል። ነጥቡ ይደመርና በአንዴ ሊያስፈልግ የሚችለው ውሃ ከሠንጠረዥ ይነበባል።

የእማዬን ቤት በዓለም አቀፉ የቧንቧ ኮድ ነጥብ ቆጠርነው። ሽንት ቤት፣ እጅ መታጠቢያና ሻወር አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ በጥቅል 3.6 ይሰጣቸዋል። ለየብቻ ቢደመሩ 4.3 ይሆኑ ነበር፤ ግን አንድ ሰው ሦስቱንም በአንዴ ስለማይጠቀም ቅናሽ አላቸው። የኩሽናው ሲንክ 1.4፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑም 1.4 ነው። ድምሩ 6.4 መጣ። ሠንጠረዡ ለዚህ በሰከንድ 0.7 ሊትር ያህል ይላል። ለትንሽ ቤት ሠንጠረዡ ትንሽ ቸር መሆኑ ይታወቃል፤ የዛሬ ዕቃዎች ከሃንተር ዘመን ያነሰ ውሃ ነው የሚጠቀሙት። እኛ ግን ቸርነቱን ወደድነው።

ቀጥሎ ፍጥነት። ውሃ በጠባብ ቧንቧ በኃይል ሲሮጥ ያፏጫል፤ ቧንቧው በድንገት ሲዘጋ ደግሞ «ጓ!» ብሎ መገጣጠሚያውን ይመታል። ምቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል። ለዚህ ነው የሙያው መምሪያዎች ለቀዝቃዛ ውሃ በሰከንድ ከ2.4 ሜትር፣ ለሙቅ ከ1.5 ሜትር እንዳይበልጥ የሚመክሩት። ስሌቱ ማካፈል ብቻ ነው። 0.7 ሊትር ማለት 700 ሚሊ ሊትር ነው፤ 700ን ለቧንቧው የውስጥ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ማካፈል ነው።

የ20 ቁጥር ስፋት 137 ስለሆነ 5.1 ሜትር መጣ፤ ከተፈቀደው ከእጥፍ በላይ። የ25 ስፋት 216 ነው፤ 3.2 ሜትር፤ አሁንም አለፈ። የ32 ስፋት 353 ነው፤ 2 ሜትር፤ ገባ! ከዋናው መስመር የሚወጡትን ሁለት ቅርንጫፎች እንዲሁ ስናሰላ፣ ወደ ሽንት ቤቱ የሚሄደው በ25 ቁጥር 2.2፣ ወደ ኩሽናውና ማሽኑ የሚሄደው 1.8 ሆነ። ሻወሩ ብቻውን በሰከንድ 0.2 ሊትር ቢጠቀም ለእሱ 20 ቁጥር በቂ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ 20 ቁጥር ያለ ቦታው ዋና መስመር ሊሆን ነበር እንጂ ለመጨረሻዋ ሜትር ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ግን ጉለሌ ነን፤ ውሃው በፈረቃ ነው። መስመሩ በሌለበት ቀን ቤቱ የሚጠጣው ከሮቶው ነው። የፍጥነት ገደቡ ደግሞ የሚጠብቀን ከጩኸትና ከምት እንጂ ውሃው ለመድረስ ጉልበት እንዳለው አይነግረንም። የባለሥልጣኑ መስመር ግፊት ሲኖረው አያሳስብም። ሮቶው ግን ጉልበቱ ከፍታው ብቻ ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ገደማ ነው። የእኛ ሮቶ መቆሚያው 3 ሜትር ነው፤ ሻወሩ 2 ሜትር ላይ ይሰቀላል። ሮቶው ሊያልቅ ሲል የሚቀረን አንድ ሜትር ብቻ ነው።

ውሃ ደግሞ በሄደበት ሁሉ ከቧንቧው ጋር እየተፋተገ ከፍታውን ይከፍላል። በ32 ቁጥር 0.7 ሊትር ሲያልፍ በየሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠፋል። ከሮቶው እስከ ቤቱ 10 ሜትር ስለሆነ 2 ሜትር ማለት ነው፤ ያለን ግን አንድ ነው። በ40 ቁጥር ኪሳራው ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ለ10 ሜትር 70 ሳንቲ። ኤልቦውና ቫልቩ የቀረውን ይሻማሉ፣ ግን እስከ ቤቱ ሊያደርስ ይችላል። ያለው ምርጫ ሦስት ሆነ፤ መቆሚያውን ማስረዘም፣ ፓምፕ መግዛት ወይም 40 ቁጥር መዘርጋት። መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ፓምፕ አላማረንም። ከሮቶው እስከ ቤቱ 40፣ ከቆጣሪው የሚመጣው 32፣ ቅርንጫፎቹ 25፣ መጨረሻው 20 እንዲሆን ተስማማን። ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው አይተው፣ «የ40 ማሽን መለዋወጫውን ይዤ እመጣለሁ» አሉ።

ለናንተ ቤት የሚሆን መለያ አለ። አንዱን ቧንቧ ብቻ ክፈቱ። ብቻውንም ከደከመ ችግሩ ግፊት ወይም የዛገ የድሮ ብረት ነው፤ ማጥበቢያው ዝገቱ ነው። ብቻውን ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ሲከፈት ከወደቀ ግን ቧንቧችሁ ጠባብ ነው። አዲስ ከዘረጋችሁ ሴራሚኩ ሳይለጠፍ ሻወሩን ከፍታችሁ፣ ሲንኩንም አብራችሁ ለቃችሁ፣ ከሻወሩ ሥር የ10 ሊትር ባልዲ አስቀምጡ። በ50 ሰከንድ አካባቢ ከሞላ ለጥፉ። ደቂቃ ተኩል ከፈጀ ግን ሴራሚክ ለጣፊውን ለነገ ቅጠሩት።