የዘካ ቀናችን የሀብት ማመጣጠኛ ቀናችን ትሁን



እዚህ አስኮ፣ ኢማማችንን በምናግዝበት መስጂድ፣ ዘካ ለማሳሰብ የሚመጡ ወጣቶች ከዓመት ዓመት እየበዙ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ጥሬ ገንዘቡንም ወርቁንም በዕለቱ ዋጋ እንቆጥራለን። ድምሩ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ካላነሰና የጨረቃ ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶ ይወጣል። አብዛኛው ሰው ዘካውን ከሰጠ በኋላ ያን ወረቀት አጥፎ ይጥለዋል። እኛ ግን አትጣሉት እንላለን። ሀብታችሁ የት የት እንደተቀመጠ በግልጽ የምታዩት በዓመት አንድ ቀን፣ ያውም በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

የዚህን ጥቅም ለማየት ሐምሌ 2016ን እናስታውስ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወርቅ በዓለም ገበያ የሚሸጠው በዶላር ስለሆነ የእኛም ወርቅ በብር ሲቆጠር ዘለለ። ያለውን ሁሉ በጥሬ ብር ያስቀመጠ ተጎዳ፤ ወርቅ የነበረው ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣቶች «ሁሉንም ወርቅ እናድርገው?» እያሉ ይጠይቁናል።

መልሳችን አይሆንም ነው። ወርቅም ይወርዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ አውንስ ከ1,900 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2015 መጨረሻ ግን ወደ 1,050 ወርዷል። በመካከሉ ሠርጉ ወይም የቤት ቀብዱ የደረሰበት ሰው በኪሳራ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ስለዚህ ሀብትን በሦስት ቋት እንከፍለዋለን። የመጀመሪያው ዝግጁ ገንዘብ ነው። በሌላው ዓለም ይህን ቦታ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ወለድ የሚከፍል ቦንድ ነው። ለእኛ ግን ከወለድ ነፃ የሆነ የወዲዓ ወይም የሙዷረባ ሒሳብ አለ። ወዲዓ አደራ ነው፤ ስትፈልግ ታወጣዋለህ፣ የዋጋ ንረቱ ግን ይበላዋል። በሙዷረባ ትርፍ ትካፈላለህ፤ ኪሳራ ከመጣም የሚነካው የአንተን ካፒታል ነው። ሁለተኛው ቋት ወርቅ ነው። ሦስተኛው በሐላል ሥራ ላይ ያለ ድርሻ ነው፤ ከጓደኛ ጋር የተከፈተ ሱቅም ሆነ የአክሲዮን ድርሻ። በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁን ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ተከፍቷል። በገበያው የሚሸጥ ሁሉ ግን ሐላል አይደለም፤ የወለድ ባንክ ድርሻ ያው ወለድ ነው። ሦስተኛው ቋት በረጅም ጊዜ ብዙ ሊያድግ ይችላል፤ በቸገረህ ቀን ግን ቶሎ ገዢ ላታገኝለት ትችላለህ።

እያንዳንዱ ቋት ምን ያህል ይያዝ? እዚህ ላይ ዕድሜ ይገባል። የ27 ዓመት ወጣት ትልቁ ሀብቱ ገና የሚሠራባቸው ዓመታት ናቸው። ሱቁ ቢከስር እንኳ ደሞዙ ይተካለታል። ስለዚህ ግማሹን ድርሻ፣ ሩቡን ወርቅ፣ ሩቡን ዝግጁ ገንዘብ ሊያደርግ ይችላል። የ55 ዓመት አባት ግን የጠፋውን ለመተካት ጊዜ የለውም፤ ግማሹ ዝግጁ ገንዘብ ቢሆንለት ይሻላል። ይህ ሸሪዓ ያስቀመጠው ልክ ሳይሆን ለመነሻ የሚሆን ሚዛን ነው።

ከሰውየው ዕድሜ ይልቅ የገንዘቡን ዕድሜ ማየት ግን ይቀድማል። የ27 ዓመቱ ልጅ ከስምንት ወር በኋላ ኒካሕ ካለው፣ የሠርጉ ገንዘብ «ሽማግሌ» ነው፤ ሙሉ በሙሉ ዝግጁ ገንዘብ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ዕቁብ ቀድሞ የወሰደም ቀሪው ክፍያ ዕዳው ስለሆነ የሚከፍለው አይጉደልበት። ሌላው ልብ ነው። ድርሻህ ሲሶው ቢወርድ እንቅልፍ አጥተህ የምትሸጠው ከሆነ፣ ዕድሜህ ቢፈቅድልህም ልክህ ያ አይደለም፤ ቀንስ።

አሁን ማመጣጠኑን በምሳሌ እንሥራው። ወጣቱ 400,000 ብር አለው እንበል፦ 200,000 ድርሻ፣ 100,000 ወርቅ፣ 100,000 ዝግጁ ገንዘብ። ዓመቱ ሲዞር ወርቁ 180,000፣ ድርሻው 210,000፣ ዝግጁ ገንዘቡ 110,000 ሆነ። ጠቅላላው 500,000 ነው። ወርቁ ከሩብ ተነሥቶ 36 በመቶ ደርሷል። ሰውየው ምንም ሳይወስን ገበያው ወስኖለታል ማለት ነው፤ ነገ ወርቅ ቢወድቅ ከመረጠው በላይ ይጎዳል።

ዘካው በወርቁና በዝግጁ ገንዘቡ ላይ፣ ማለትም በ290,000 ላይ፣ 7,250 ብር ነው። የድርሻው ዘካ ለንግድ ወይም ለማቆየት እንደተያዘ ስለሚለያይ ዓሊም ይጠይቅበት፤ ለምሳሌያችን እንተወው። አሁን ካበጠው ቋት፣ ከወርቁ፣ የ30,000 ብር ያህል ይሸጣል። በ7,250ው ዘካውን ይከፍላል፤ ቀሪውን 22,750 ወደ ዝግጁ ገንዘብ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ሌላ ወርቅ አይሸጥም። በየወሩ የሚቆጥባትን 4,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ወደ ጎደለው ቋት፣ ወደ ድርሻው ይመራታል። ዋጋዎቹ ባሉበት ቢቆሙ በዓመቱ መጨረሻ ድርሻው 48፣ ወርቁ 28፣ ዝግጁ ገንዘቡ 24 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ ሸጦ ወደ ሚዛኑ ቀረበ።

ሽያጩን ያሳነስነው በምክንያት ነው። ጌጥ ስትሸጥ ለእጅ ሥራው የከፈልከው ገንዘብ አይመለስልህም። ስለዚህ አንድ ቋት ከልኩ በአምስት ነጥብ ያህል ብቻ ካለፈ አትንካው። ከአምስት እስከ አሥር ከሆነ አዲሱን ቁጠባ ወደ ጎደለው አዙር። ሽያጭ የሚያስፈልገው ከአሥር ሲያልፍ ነው፤ ምሳሌያችን በ11 ነጥብ አልፏል። ዋጋ በሰማህ ቁጥር ከመነካካት ይልቅ ዓመታዊ ቀንህን ጠብቅ። የምትጠብቀው ትዳር ስትይዝ፣ ልጅ ስትወልድ ወይም ሥራ ስትለቅ ሚዛኑ ራሱ ሲቀየር ካልሆነ ነው።

ወርቅ ሲሸጥም ደንብ አለው። ወርቅ በብር ሲለወጥ ርክክቡ በአንድ መቀመጫ፣ እጅ በእጅ ይሁን፤ «ገንዘቡን ሳምንት ና ውሰድ» የሚል ውል ከሪባ በር ነው። አሮጌ ወርቅ በአዲስ ወርቅ ከለወጥክም ክብደቱ እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ አሮጌውን በብር ሸጠህ፣ ብሩን ተረክበህ፣ ከዚያ አዲሱን ግዛ።

ዘንድሮ ዘካችሁን ስታሰሉ ከወረቀቱ ጎን ሦስት ቁጥር ጻፉ፤ እያንዳንዱ ቋት ከመቶ ስንት እንዲሆን እንደፈለጋችሁ። በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ከድርሻው ጥቂት ነጥብ ቀንሳችሁ ወደ ዝግጁው ጨምሩ፤ የሥራ ዘመናችሁ ሲያጥር ሚዛኑም አብሮ ይሸጋገር። ወላሁ አዕለም።