የእማማ ሽሮ ስንት ካሎሪ ነው?

እማማ ሽሮ ሲሠሩ በሲኒም በማንኪያም አይለኩም። እጃቸው ያውቀዋል። "ስንት ዘይት ነው የጨመሩት?" ስትላቸው የልጅ ልጃቸው፣ "የሚበቃውን ነዋ!" ብለው ያማስላሉ።

ልጅቷ ባለፈው እሑድ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይዛ የመጣችው ለመክሳት አይደለም። እማማ በአንድ ዓመት ከ58 ኪሎ ወደ 51 ወርደዋል። ምርመራው በሽታ ስላላሳየ ሐኪሙ፣ "በቀን ምን ያህል እንደሚበሉ አስልታችሁ አምጡልኝ" ብሏል።

የእማማን እጅ ይዞ ማስቆም አይሞከርም። ስለዚህ ልጅቷ የመዘነችው የሚጨመረውን ሳይሆን የሚቀረውን ነው። የዘይቱ ጠርሙስ ሲነሳ 842 ግራም ነበር፤ ተመልሶ ሲቀመጥ 752። ዞር ብላ ስትመለስ ደግሞ 722 ሆኗል፤ እማማ ደግመዋል ማለት ነው። በድምሩ 120 ግራም ዘይት ገብቷል። የሽሮው ዕቃ 150 ግራም ቀሏል፤ ሽንኩርቱ 250፣ በርበሬው 20 ግራም ነበር።

ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ገደማ ስላለው ብቻውን 1,080 አመጣ። ሽሮው 555፣ ሽንኩርቱ 100፣ በርበሬው 60 ገደማ ጨመሩ፤ በጠቅላላው 1,795። ውሃ ካሎሪ የለውም፤ ድስቱን ግን ያከብደዋል። የድስቱ ክብደት ሲቀነስ ወጡ 1,100 ግራም ሆነ። ስለዚህ 110 ግራም የምትይዘው የእማማ ጭልፋ 180 ካሎሪ ገደማ ትሆናለች።

ይኼ ግን ወጡ በደንብ ከተማሰለ ነው። ሽሮ በሰለ የሚባለው ዘይቱ ከላይ ሲወጣ ነው፤ እማማም ላይ ላዩን ለልጅቷ ጨልፈው ለራሳቸው ከሥሩ ወሰዱ። ልጅቷ ጭልፋውን ተቀብላ አማስላ እንደገና አወጣች። እማማ ተቆጡ፤ በሉ ግን። ሁለት ጭልፋ ከአንድ እንጀራ ጋር። እንዲህ የሚበላ ሰው ሰባት ኪሎ አይቀንስም።

ያጠራጠራትም ይኸው ነበር። የለካችው ለእሷ የተጣደውን ድስት ነው። ስትወጣ ምንም ሳትናገር ጠርሙሱንና የሽሮውን ዕቃ መዝና ጻፈች።

በሳምንቱ ስትመለስ ከጠርሙሱ የጎደለው 45 ግራም፣ ከሽሮው 60 ግራም ብቻ ነበር። ሰባት ቀን ሙሉ፣ የአንዱን እሑድ ድስት ግማሽ እንኳ አይሆንም።

"እማማ፣ ሳምንቱን ምን ሲበሉ ነበር?"

"ለአንድ ሰው ደግሞ ድስት ይጣዳል እንዴ ልጄ? ሻይ በዳቦ አለልኝ አይደል።"

ለሐኪሙ ባዘጋጀችው ወረቀት ላይ የእሑዱን ስሌት ሰረዘችው። ከዚያ የስኳሩን ጣሳ አንስታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች።