ሰነዱ በክፍያ ወይስ በፊርማ? የሰነድ ማስከፈያ ትእዛዝ ከአዲስ አበባ እስከ አሜሪካ

ቡና ላኪው የጭነት ሰነዶቹን ለባንኩ ሲያስረክብ አብሮ የሚሄደው የማስከፈያ ትእዛዝ ለውጭው ባንክ ሦስት ነገሮችን ይነግረዋል፦ ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍል፣ ሰነዱ ለገዢው የሚለቀቀው ገንዘቡ ሲከፈል ይሁን ወይስ ገዢው በቀኑ እከፍላለሁ ብሎ ሲፈርም። የመጀመሪያው መንገድ ዲ/ፒ፣ ሁለተኛው ዲ/ኤ ይባላል።

በኢትዮጵያ ወጪ ንግድ ሲኤዲ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ገዢው ሰነዱን እንዳየ መክፈሉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በጊዜ የሚከፈል፣ በፊርማ የሚለቀቅ ሽያጭም የተለመደ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሳይጻፍ የሚታወቅ የሚመስለው ነገር እዚያ በግልጽ ካልተጻፈ ሌላ ትርጉም ሊያገኝ ይችላል።

ለምሳሌ አንድ ላኪ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሆነ ቡና፣ ኪሎውን በ6 ዶላር ቨርጂኒያ ላለ የኢትዮጵያውያን አስመጪ ኩባንያ ሸጠ እንበል። ሂሳቡ 115,200 ዶላር ነው። ውሉ ክፍያው የጭነት ሰነዱ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን፣ ሰነዱም በፊርማ እንደሚለቀቅ ይላል።

የትእዛዙ ምርመራ ከውሉ ይጀምራል። ከፋዩ በውሉ ላይ ገዢ ሆኖ የፈረመው ኩባንያ ነው። ስሙ በውሉ፣ በኢንቮይሱ፣ በሐዋላ ወረቀቱና በትእዛዙ ላይ በአንድ ዓይነት መጻፍ አለበት። በትንንሽ የዳያስፖራ ድርጅቶች ዘንድ ስህተቱ የሚመጣው የሱቁ ስም፣ የተመዘገበው ኩባንያ ስምና የባለቤቱ ስም ስለሚለያዩ ነው። አንዳንድ ጊዜም ጸሐፊው በጭነት ሰነዱ ላይ ዕቃው ሲደርስ እንዲነገረው የተጠቀሰውን የጉምሩክ ወኪል ከፋይ አድርጎ ይገለብጠዋል። ሐዋላው በባለቤቱ የግል ስም ከወጣና እሱም በግሉ ከፈረመ፣ ላኪው በሐዋላው ኩባንያውን መጠየቅ ያዳግተዋል። አቅራቢው ባንክ የፊርማው መልክ የተሟላና ትክክል መስሎ መታየቱን ያያል እንጂ ለፊርማው እውነተኛነትና ለፈራሚው ሥልጣን ኃላፊ አይደለም።

ቀጥሎ የሚታየው የክፍያው ጊዜ ነው። ከጭነት ሰነዱ ቀን የሚቆጠር 60 ቀንና ሐዋላው ከቀረበ በኋላ የሚቆጠር 60 ቀን አንድ አይደሉም። የጭነት ሰነዱ ማርች 3 ተጽፎ፣ ገዢው ማርች 24 ቢፈርም፣ በመጀመሪያው አቆጣጠር ክፍያው ሜይ 2፣ በሁለተኛው ሜይ 23 ይሆናል። ትእዛዙ አንዱን፣ ሐዋላው ሌላውን ካለ ላኪው ገንዘቡን ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ሊያገኝ ይችላል።

ሦስተኛው፣ የሰነዱ አለቃቀቅ፣ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው። ዩአርሲ 522 የተባለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ሐዋላው በጊዜ የሚከፈል ሆኖ ትእዛዙ ዲ/ፒ ወይም ዲ/ኤ ካላለ፣ ሰነዱ የሚለቀቀው በክፍያ ብቻ ነው ይላል። በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚሠራበት የንግድ ሕግ ደግሞ ተቃራኒውን ይደነግጋል፦ ሌላ ትእዛዝ ከሌለ፣ ሐዋላው ከቀረበ ከሦስት ቀን በላይ ቆይቶ የሚከፈል ከሆነ ባንኩ ሰነዱን በፊርማ ይለቃል። ደንቡ የሚሠራው ትእዛዙ ራሱ ሲጠቅሰው ስለሆነ፣ ዩአርሲ 522ም ዲ/ፒም ያልተጻፈበት ወረቀት ቡናውን ገንዘብ ሳይከፈል ለገዢው ሊያስረክብ ይችላል።

60 ቀን ተጽፎ ዲ/ፒ ብሎ ማዘዝም ችግር አለው፤ ደንቡ ራሱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንዳይሰጥ ይመክራል። መርከቡ ከክፍያው ቀን ቀድሞ ከደረሰ ሰነዱ ባንክ ተቀምጦ ኮንቴይነሩ ወደብ ይቆማል፣ የወደብ ኪራይም ይቆጠራል። ዲ/ኤ ሲሆን ደግሞ ሰነዱና ዕቃው ከላኪው እጅ ወጥተው የሚቀረው የገዢው ፊርማ ብቻ ነው። ባንኩ በሐዋላው ላይ ዋስትናውን ካልጨመረ በስተቀር ክፍያውን አያረጋግጥም።

በምሳሌው ትክክለኛው ትእዛዝ የኩባንያውን የተመዘገበ ስምና ሙሉ አድራሻ፣ ከማርች 3 የጭነት ሰነድ ቀን ጀምሮ የሚቆጠረውን 60 ቀን፣ ሰነዱ በፊርማ እንዲለቀቅ የሚለውን ቃልና ዩአርሲ 522ን ይጠቅሳል። ባንኮቹ የሰነዶቹን ዓይነትና ብዛት በትእዛዙ ከተዘረዘረው ጋር ያስተያያሉ እንጂ ትእዛዝ ፍለጋ ሰነዱን አይመረምሩም። ከተላከ በኋላ ስህተት ከታየ የላኪው ባንክ በኤምቲ 430 መልእክት ያርማል፣ ይህ የሚጠቅመው ግን ሰነዱ ካልተለቀቀ ነው። ሐዋላው ሲፈረም የሚመጣው ኤምቲ 412 የክፍያውን ቀን ይናገራል፤ ሜይ 2 ሳይሆን ሜይ 23 ካለ የጊዜው ስህተት የታወቀው እዚያ ላይ ነው።